የእማማ ዘሀራ በር

ጠዋት በሩ ምንም አልሆነም። ከድር ሪሞቱን ሲጫን ከባዱ የብረት በር ሐዲዱን ይዞ ተንሸራተተና ተከፈተ፤ እንደገና ሲጫን ተዘጋ። ሰባት ጊዜ ሞከረው፣ ሰባት ጊዜ ታዘዘ።

«አየህ? አንተ ስትመጣ ጨዋ ይሆናል» አሉ እማማ ዘሀራ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ዐስር ከተሰገደ በኋላ ና እንጂ። ሊዘጋ ይጀምርና መንገድ ላይ ሐሳቡን ለውጦ ይመለሳል። መግሪብ አዛን ሲል ደግሞ ምንም እንዳልሠራ ሰው ይዘጋል። ዐይን በልቶት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል!»

በሩን ጅዳ ያለው ልጃቸው ነው ያስገጠመላቸው። ኮምቦልቻ ውስጥ በእነሱ ሰፈር በሞተር የሚከፈት በር የእሳቸው ብቻ ስለሆነ፣ ነገሩ በዐይን መሳበቡ አያስደንቅም። ከከድር በፊት የመጣው ባለሙያ ግን በዐይን አላመነም፤ ቦርዱ ተቃጥሏልና አዲስ ይገዛ ብሎ ሄዷል። ካልሆነም በበሩ መንገድ ላይ ሰው መኖሩን የሚያዩትን ፎቶሴሎች ከሁለቱ ምሰሶዎች ላይ ነቅሎ ሽቦውን በቀጥታ ለማገናኘት ሐሳብ አቅርቦ ነበር። እንዲህ ሲደረግ በሩ በእርግጥ ይዘጋል፤ መሐሉ ላይ የእማማ ዘሀራ የልጅ ልጅ በሦስት እግር ብስክሌቷ ብትቆምም ሳያያት ይዘጋል።

ከድር ቴክኒክና ሙያ ከጨረሰ ገና ዓመቱ ነው። አዲሱን ቴስተሩን አውጥቶ ለካ። ለፎቶሴሎቹ የሚሄደው 24 ቮልት ሙሉ ነው። በሞተሩ ቁልፍ ማርሹን አላቅቆ በሩን በእጁ ገፋው፤ ያለ ችግር ሄደ። ጎማውን፣ ጥርሱን፣ የመጨረሻ ማቆሚያውን አየ። የፎቶሴሎቹን መስታወት በጨርቅ ጠረገ። ጥፋት የሌለበትን ዕቃ መጠገን ከተሰበረው ይከብዳል። እኩለ ቀን ላይ ገንዘብ ሳይቀበል፣ አፍሮ ወጣ።

ቤቱ ከእማማ ዘሀራ ቤት ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ምሳውን እየበላ «ዐስር ከተሰገደ በኋላ» የሚለው ቃል ጆሮው ላይ ቀረ። እማማ ዘሀራ ሰዓት አይቆጥሩም፤ የሚቆጥሩት ሶላት ነው። ሶላት ደግሞ የሚቆጠረው በፀሐይ ነው።

አሥር ተኩል ላይ ተመልሶ ሄደ። ቡናው ቶና ላይ ደርሶ ነበርና በግድ አስቀመጡት። በረካው ሲቀዳ ፀሐይዋ በደሴ በኩል ወዳሉት ተራሮች አዘቀዘቀች፤ ብርሃኗ የከድርን ግቢ አጥር ተሻግሮ በምሥራቁ ምሰሶ ላይ ባለው ፎቶሴል ፊት ለፊት ተደቀነ። ተቀባዩ እሱ ነው፤ ምዕራብ ምሰሶ ላይ ያለው ላኪ የሚሰድለትን የማይታይ ጨረር ሲያይ «መንገዱ ነፃ ነው» ይላል፣ ሲያጣ ሰው ቆሟል ብሎ በሩን ያስመልሳል። ከድር ስኒውን አስቀምጦ ሪሞቱን ተጫነ። በሩ ግማሽ መንገድ ሄዶ ተመለሰ።

ኮፍያውን አወለቀና ከተቀባዩ በላይ እንደ ቤት ክዳን ዘርግቶ ያዘው፤ ጨረሩን ሳይነካ ፀሐይዋን ብቻ ከለለ። ተቀባዩ ውስጥ ያለችው ሪሌ ቀጭ አለች። «አሁን ይጫኑት!»

በሩ እስከ መጨረሻው ተዘጋ።

«ዐይን ነው ያሉት እውነት ነው» አለ ከድር። «የበሩ ዐይን ፀሐይ እየመታው ነው የታወረው።»

ሥራው ራሱ አንድ ሰዓት አልፈጀም። ኃይሉን አጥፍቶ ላኪውንና ተቀባዩን ቦታ አለዋወጣቸው። ቦርዱና ሞተሩ ያሉት በምዕራቡ ምሰሶ በኩል ስለሆነ ተቀባዩ የሚፈልጋቸውን አራት ሽቦዎች በቅርቡ አገኘ፤ ላኪው ሁለት ብቻ ስለሚበቁት ወደ ምሥራቅ ከሚሻገረው ገመድ ሁለቱ ተረፉ፣ ጫፋቸውን በፕላስተር ጠቀለላቸው። ተቀባዩ አሁን ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሯል፤ የጠዋቷን ፀሐይ ደግሞ የጎረቤቱ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ይጋርድለታል።

«ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበረች ይህቺ ፀሐይ?» አሉ እማማ ዘሀራ።

ከድር የፈራው ይህን ጥያቄ ነበር። በአጥሩ ላይ ወደ ራሱ ግቢ ተመለከተ፤ ትልቁ ዋንዛ የነበረበት ቦታ ላይ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ሰማይ ብቻ ነው ያለው። አባቱ ግንዱን ለእንጨት ቤት ሸጦ በገንዘቡ ቴስተሩን ገዛለት።

«የእኛ ዋንዛ ነበር የሚከልላት» አለ፣ ቴስተሩን ቦርሳው ውስጥ እየከተተ። «እኛ ነን ያበላሸነው። ክፍያ አልቀበልም።»

አሮጊቷ ጉቶው ወዳለበት አቅጣጫ ትንሽ አይተው ቆዩና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

«ቅጠሉ ግቢዬን ሞላው ብዬ ሁለት ክረምት ሙሉ አባትህን የጨቀጨቅኩት ማን ሆነና! ተቀበል፤ ግማሹን እኔ፣ ግማሹን አባትህ ይክፈልህ።»