ከእማማ አልጋ እስከ ልጅ ልጃቸው ጠረጴዛ፦ 50 አመት ሞላን፣ ኑ!

ባህርዳሮች እንዴት ከረማችሁ! ዘንድሮ ወርክሾፓችን 50 አመት ሞላው። 1968 ላይ አባታችን ገበያ አጠገብ በአንዲት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በአንድ መጋዝ፣ በአንድ መላጊያና በሁለት መሮ የጀመረው ስራ ነው ዛሬ አባይ ማዶ ስታልፉ ማሽኑ ሲጮህ የምትሰሙት። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ "ጥራት መለያችን፣ ደንበኛ ንጉስ" ምናምን የሚል ባነር ልናሰራ ነበር፣ ከዛ ሂሳቡን የምትይዘው እህታችን የድሮ የትዕዛዝ ደብተሮችን ስታገላብጥ አንድ ነገር አግኝታ ጠራችን። አንድ ቤተሰብ ነው። አያት፣ እናት፣ ልጅ፣ ሶስቱም በየዘመናቸው እኛ ጋ ቀብድ ከፍለዋል።

ባነሩን ተውነው። በአሉን በእነሱ እቃ ልናከብር ወሰንንና ሄደን አስፈቀድናቸው፣ "ታሪኩን ንገሩት ስማችንን ግን አትጥሩ" አሉን፣ ስለዚህ እማማ፣ እትዬና ልጅት እያልን እንሂድ።

እማማ የዘጌ ሰው ናቸው። 1969 ላይ ሲያገቡ ባለቤታቸው የቡና ገንዘብ ይዘው መጥተው አንድ የዋንዛ አልጋ አዘዙ፣ ስፋቱ ሜትር ከሃያ፣ ራስጌው ላይ መስቀል የተፈለፈለበት። አልጋው ማለቁ አለቀ፣ ዘጌ በምን ይድረስ? ያኔ ከዘጌ ማገዶ ጭነው ባህርዳር ገበያ የሚያራግፉ የደንገል ታንኳዎች ነበሩ፣ ሲመለሱ ባዷቸውን ነው የሚመለሱት፣ አባታችን ከአንዱ ቀዛፊ ጋር ተስማማና አልጋውን ፈታታው። ራስጌ ለብቻ፣ ግርጌ ለብቻ፣ ሁለቱ የጎን ጣውላዎች፣ ርብራቡ። ደንገል ውሃ ይጠጣል አይደል፣ እንጨቱ እንዳይርስ ከስር ማገዶ ደርድረው፣ ከላይ ሸራ አልብሰው፣ በገመድ ጠፍረው ለቀቁት። አባታችን ሀይቁ ዳር ቆሞ ታንኳዋ እስክትርቅ አየና ወደ ስራው ተመለሰ፣ ሌላ ምን ያደርጋል።

ያ አልጋ አንድም ሚስማር የለውም። እግሩ ላይ በመሮ የተፈለፈለ ቀዳዳ አለ፣ የጎኑ ጣውላ ጫፉ ተጠርቦ እዛ ውስጥ ይገባል፣ ከዛ በሽብልቅ መታ መታ ይደረግና ይጠብቃል፣ አለቀ። ለዚህ ነው ተፈታቶ በታንኳ መሄድ የቻለው፣ እዛም ሲደርስ ሙሽራው ራሳቸው በመዶሻ ገጠሙት። ዛሬ በኮላና በስክሩ ተጣብቆ የሚመጣውን አልጋ አንድ ጊዜ ፈታችሁ ገጥማችሁ ታውቃላችሁ? ሁለተኛ ስትገጥሙት ስክሩው ቦታውን አይዝም፣ አልጋው በየሌሊቱ ይንቋቋል፣ የታች ጎረቤት ደግሞ የራሱን ግምት ይገምታል።

እንጨቱም ዋንዛ መሆኑ የራሱ ነገር አለው። ዋንዛ ለመላጊያ እሺ ይላል፣ ሲደርቅ ብዙ አይጣመምም፣ ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም፣ ገና ሲላግ ፈካ ያለ ነው እየቆየ ግን ቡናማው እየጠለቀ ይሄዳል። አገር ቤት ከበሮውም ሙቀጫውም ከእሱ የሚሰራው በከንቱ አይደለም። ችግሩ ዋንዛ እንደድሮው አይገኝም፣ ዝም ብሎ መቁረጥም አይቻልም፣ መቻልም የለበትም። ስለዚህ ዛሬ ዋንዛ ስታዙን ዋጋው ለምን ከፍ አለ ብላችሁ ብትቆጡን አንቀየምም፣ ግን ምክንያቱ ይሄ ነው።

እትዬ ደሞ የእማማ የመጀመሪያ ልጅ ናት፣ ለትምህርት ባህርዳር መጥታ እዚሁ መምህርት ሆና ቀረች። 1990 ላይ ስታገባ እናቷ "እዛው እኛ አልጋ ያሰራንበት ሂጂ" ብለው ላኳት፣ ባለመስታወት ቡፌና ስድስት ወንበር ያለው የምግብ ጠረጴዛ አሰራች። በመጀመሪያው ክረምት ሀምሌ ላይ ግን እየተናደደች መጣች፣ የቡፌው መሳቢያ አልከፈት ብሏታል፣ "ላጉልኝ" አለች። አባታችን አልላገውም አለ። ቆየት ብሎ ነው ያስረዳት፣ ባህርዳር ክረምት ላይ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው፣ እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ በሀምሌ የተላገ መሳቢያ ታህሳስ ላይ ጥርሱ እንደወለቀ ሽማግሌ ይንገዳገዳል። ሻማ አወጣና የመሳቢያውን ግራና ቀኝ ጠርዝ እንዴት እንደምታሸው አሳያት፣ ጥቅምት ድረስ ታገሽው አላት። እትዬ እስከዛሬ በየአመቱ ሰኔ ላይ ሻማ ታሻለች። መስታወቱ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል (አንዱ በኳስ፣ የማን ልጅ እንደሆነ አንናገርም)፣ የቡፌው ገላ ግን ያው ነው። ይሄን የሻማ ነገር እናንተም ሞክሩት፣ በነጻ የሰጠናችሁ ነው።

ልጅት የእትዬ ልጅ ናት። ፖሊ ተምራ፣ አሁን ቤቷ ቁጭ ብላ በላፕቶፕ የምትሰራ፣ ያገባችው አምና ነው። ኮንዶሚኒየም ሶስተኛ ፎቅ ገባች፣ እማማም "አልጋዬን ውሰጂው እኔ ዝቅ ያለ ነው የሚሻለኝ" አሏት። ደወለችልንና ምን አለች፣ "አልጋው ያምራል ግን ሜትር ከሃያ ለሁለት ሰው ይጠባል፣ ራስጌውን ብቻ ቆርጣችሁ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ አድርጉልኝ፣ አዲስ አልጋ ደግሞ በኤምዲኤፍ ስሩልኝ"።

ስራ ነው፣ እንቢ አይባልም፣ ግን መጀመሪያ እንየው አልናት። አልጋውን ከዘጌ በሞተር ጀልባ አመጣነው፣ ወርክሾፕ ላይ ዘረጋነው፣ ሽብልቆቹን በእንጨት መዶሻ ከጀርባ መታ መታ ስናደርጋቸው አንድ በአንድ ወጡ፣ ያን ሁሉ አመት ቆይተው አንዱ ብቻ ነው የተሰነጠቀው። መገጣጠሚያው ውስጥ ብርሃን ያላገኘው እንጨት ገና ትናንት የተላገ ይመስላል። ልጆቹ ስራ ትተው ከበቡት። የጎን ጣውላው ውስጠኛ ገጽ ላይ የአባታችን የእርሳስ ምልክት አለ፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም ለሙሽራው እንዲገባው አንድ ጭረት፣ ሁለት ጭረት፣ ሶስት ጭረት እያለ ያሰመረው። ልጅት ይሄን በስልኳ ፎቶ አንስታ ለእናቷ ላከችና "በቃ አይቆረጥ" አለች።

ታዲያ እንዴት አሰፋነው? ራስጌና ግርጌውን አልነካናቸውም፣ ግራና ቀኝ በየጎናቸው 15 ሴንቲ ዋንዛ ጨመርንላቸው፣ ሜትር ከሃምሳ ሆነ፣ ርብራቡን አዲስ ሰራንና መሀሉ እንዳይረግብ አንድ እግር ጨመርን፣ አገጣጠሙ ግን ያው በሽብልቅ ነው። አዲሱ እንጨት ከድሮው ፈካ ይላል፣ በቀለም እናመሳስለው ወይ ስንላት "ተዉት፣ የቱ የእማማ የቱ የእኔ እንደሆነ ይታወቅ" አለች። ሶስተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ያወጡት ልጆቻችን ምስጋና ይገባቸዋል፣ ተፈታቶ ባይሆን ያንን የደረጃ ኩርባ አያልፍም ነበር። ከዛም ያው፣ የራሷን ትዕዛዝ ሰጠች፣ የስራ ጠረጴዛ፣ ለኬብል ማሳለፊያ ቀዳዳ ያለው፣ ባለ ሁለት መሳቢያ። አዲሱ የአባይ ድልድይ ግንቦት 2016 ከተመረቀ ወዲህ ከአባይ ማዶ እቃ ማድረስ እንዴት እንደቀለለን አትጠይቁን፣ ጠረጴዛው በጠዋት ተጭኖ ቡና ሳይፈላ ደረሰ።

ኤምዲኤፍ መጥፎ ነው እያልን እንዳይመስላችሁ፣ እኛም እንሰራለን፣ ለኪችን ካቢኔትና ለቁም ሳጥን ዋጋውም ይቀላል ይጸዳልም። ግን ጠርዙ በደንብ ካልተዘጋና ውሃ ከገባበት እንደ ዳቦ ነው የሚነፋው፣ ከዛ በኋላ የሚላግም የሚጠገንም ነገር የለም። ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነገር ከፈለጋችሁ ጠንካራ እንጨት እዘዙ፣ ለአምስት አመት ብቻ ከፈለጋችሁ ደሞ ንገሩን፣ ለዛ የሚሆነውን እንሰራለን፣ ያለቦታው ዋንዛ አንሸጥላችሁም።

እሺ አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፣ ለ50ኛ አመታችን ምን አዘጋጀን?

ከጥር 1 እስከ የካቲት 7፣ 2018 ማለትም እስከ ቅበላ ዋዜማ፣ ከ1968 ጀምሮ እኛ ጋ የተሰራ ማንኛውንም የእንጨት እቃ አምጡ፣ የላላ መገጣጠሚያ፣ የወለቀ ማጠፊያ፣ የማይዘጋ መሳቢያ፣ የጎደለ እግር በነጻ እንጠግናለን፣ ቫርኒሹንም በነጻ እናድሳለን። ደረሰኝ አንጠይቅም፣ የራሳችንን እጅ እናውቀዋለን። የሶፋ ጨርቅና ስፖንጅ ግን በነጻው ውስጥ የለም፣ እሱን በገዛንበት ዋጋ እናስብላችኋለን፣ የእጅ አንወስድም። ባህርዳር ውስጥ ከሆናችሁና እቃው ከባድ ከሆነ መኪና እንልካለን፣ ዘጌና ሀይቁ ዳር ያላችሁ ደግሞ እስከ ጀልባ ማቆሚያው አምጡልን፣ ከዛ ወዲህ የእኛ ጣጣ ነው።

አዲስ ለሚያዙም አለ። እናታችሁ ወይ አባታችሁ እኛ ጋ ያሰሩት እቃ ካለ የእቃውን ፎቶ ይዛችሁ ኑ፣ ከትዕዛዛችሁ 10 በመቶ ይቀነሳል፣ አያቶቻችሁም ካሰሩ 20 በመቶ። ሶስተኛ ትውልድ መሆናችሁን ለማረጋገጥ የደብር መዝገብ አናይም፣ ፎቶውና ወሬው ይበቃናል፣ ደብተሩ ላይ ከተገኘ ደሞ ገጹን አውጥተን እናሳያችኋለን። በዚህ ጊዜ ውስጥ በታዘዘ ጠንካራ እንጨት ስራ ሁሉ ላይ ለመገጣጠሚያው የ5 አመት ዋስትና በጽሁፍ እንሰጣለን።

አንድ ውድድር ብጤም አለች። ቤታችሁ ያለውን እኛ የሰራነውን የድሮ እቃ ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ላኩልን፣ ማን እንዳሰራው፣ ለምን እንዳሰራው ሁለት ሶስት መስመር ጻፉበት፣ ከሁሉም የቆየውን ላስመዘገበ ቤተሰብ የዋንዛ ረከቦት ከነበርጩማው እንሸልማለን። የእማማ አልጋ ውድድር ውስጥ የለም፣ እሱ ካለ ማንም አያሸንፍማ።

ለሙሽሮች አንድ ግልጽ ነገር፦ ሰርጋችሁ በዚሁ በጥር ከሆነ ሙሉ መኝታ ቤት አድርሱልን ብትሉን ቃል አንገባም፣ እንጨቱን አድርቀን ነው የምንሰራው፣ አንድ ኢንች ውፍረት ያለው ጣውላ በጥላ ስር እስኪደርቅ አንድ አመት ገደማ ይፈልጋል፣ አሁን ያለን የደረቀ እንጨት ለተመዘገቡት ነው። ኮመዲኖ፣ ረከቦት፣ የቲቪ ስታንድ እንደርሳለን። ከፋሲካ በኋላ የምታገቡ ግን ዛሬውኑ ኑና ቀብድ ጣሉ፣ 40 በመቶ ነው፣ ቀሪውን እቃው ቤታችሁ ገብቶ ካያችሁት በኋላ ትከፍላላችሁ።

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰአት እስከ 11 ሰአት ተኩል ክፍት ነን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ቡና አለ፣ እቃ ባይኖራችሁም ግቡ። ጥር 10፣ 11 እና 12 ዝግ ነን፣ ታቦት አጅበን ጥር 13 ጠዋት በሩን እንከፍታለን።