ዘይቱን ማዳመጥ

ለማፍጠሪያ የሚሆን ሳምቡሳ ነው። ሂክመት ያለችው ሮተርዳም ነው፣ አያቷ እማማ ዘይነባ ጅማ። የስልኩ ምስል ቶሎ ቶሎ ይቆማል፤ ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል።

«ስልኩን ከዘይቱ አንድ ክንድ አርቀሽ አቁሚው» አሉ እማማ። «ምስሩን አጠንፍፈሻል? ቀዝቅዟል?»

«አዎ፣ እማማ። ዘይቱም ከድስቱ ግማሽ አላለፈም።»

«ደግ አደረግሽ። ካለፈ አረፋው ገንፍሎ ይፈሳል። አሁን ጎንበስ ብለሽ ፊቱን በአግድም እዪው።»

«ዝም ብሎ ተኝቷል።»

«ገና ነው። ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ፊቱ ላይ ቀጫጭን ሞገድ ይሄዳል። ያኔ ደረቅ የእንጨት ማማሰያ ጫፉን ንከሪበት።»

ሂክመት ነከረች። አንድ ሁለት አረፋ ወጥቶ ቀረ። ጥቂት ቆይታ ስትደግመው በእንጨቱ ዙሪያ አረፋው ሳያቋርጥ ይነሳ ጀመር።

«አሁን ሽምብራ የምታህል ሊጥ ጣይ። ከታች ከቀረች ቀዝቃዛ ነው፤ ወዲያው ከጠቆረች አልፎበታል። ነክታ ቶሎ ብቅ ካለች ደርሷል።»

ብቅ አለች። ዲግሪው ቢለካ 175 አካባቢ ይሆናል። ሂክመት ሳምቡሳዎቹን በዘይቱ ጠርዝ እያንሸራተተች አስገባች፤ ቸስስ አለ።

እማማ ጆሯቸውን አቀኑ። «ድምፁ ወደቀ። ስንት ከተትሽ?»

«ሰባት።»

«በዛ። ብዙ ሲገባ ዘይቱን ያቀዘቅዘዋል፤ ቂጣው ቶሎ ሳይደርቅ ዘይት ይጠጣል። እሳቱን ከፍ አድርጊ፤ ቀጥሎ ከአራት አትለፊ። የምትሰሚው ከሊጡ የሚወጣው ውሃ ተንኖ ሲያመልጥ ነው። ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ሳይቆራረጥ መሰማት አለበት። አሁን ገልብጪው።»

ድምፁ እንደገና ተነሳ፤ ቆይቶም እየሳሳ ሄደ፤ አረፋውም አነሰ።

«ውሃው እያለቀ ነው። ቀለሙስ?»

«ወርቅማ።»

«አውጪው። ከወጣም በኋላ መጥቆሩን አያቆምም፤ ቡናማ እስኪሆን አትጠብቂ። ሳትደራርቢ በወንፊት ላይ ደርድሪው፤ ከተደራረበ እንፋሎቱ ያልመዋል።»

ሁለተኛው ዙር ሳይገባ ሂክመት «እማማ፣ ቀጭን ጭስ ይታየኛል» አለች።

«አጥፊው! ድስቱን ግን አታንሺ፤ የጋለ ዘይት ይዞ መሄድ አደገኛ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ጠፍቶም ግለቱን ይዞ ይቆያል፤ ስለዚህ ያለ ሳምቡሳ ስታቆዪው ቀድመሽ ዝቅ አድርጊው። እሳት ከያዘ ክዳኑን ድፊበት፤ ውሃ እንዳታደርጊበት።»

ጭሱ ቆመ። ሂክመት ሌላ ሊጥ ጣለች፤ ወዲያው ጠቆረች። ጠበቀች። ሦስተኛዋ በእርጋታ ብቅ ስትል ምድጃውን በትንሹ ከፍታ አራቱን አስገባች። እማማ አዳመጡ።

«እንዲህ ነው። የቀረውን በዚሁ ድምፅ ጨርሺ። ዘይቱ ሲቀዘቅዝ በጨርቅ አጥልለሽ ክደኚው፤ ከጠቆረ ወይም ፈጥኖ መጨስ ከጀመረ ግን አትመልሺበት።»