የኢንተርንሺፕ ጥያቄ ደብዳቤ

ቀን፦ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሞተርና ፓምፕ ጥገና ወርክሾፕ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ማስታወቂያ ሳይወጣ የሚቀርብ የሁለት ወር የኢንተርንሺፕ ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ።

ድርጅታችሁ ኢንተርን እንደሚፈልግ የሚገልጽ ማስታወቂያ አላወጣም። ይህን አውቃለሁ። የምጽፍልዎ እናንተ ጋ ልሠራው የምችል አንድ የተወሰነ ሥራ ስላየሁ ነው። ሥራው ያለው ከወርክሾፓችሁ በር አጠገብ ያለው በርሜል ውስጥ ነው።

የአራተኛ ዓመት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ባለፈው ጥር ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ወርክሾፓችሁን ጎብኝተን ነበር። በርሜሉ ከሞተርና ከፓምፕ በወጡ አሮጌ ቤሪንጎች ተሞልቶ አየሁት። አንዱን ቴክኒሻን ምን እንደምታደርጉት ስጠይቀው «ሲሞላ ከብረት ቁርጥራጭ ጋር ይሄዳል» አለኝ። የሚገባ ነገር ነው። ደንበኛ ሞተሩን እየጠበቀ፣ ሌላ ፓምፕ ጠረጴዛ ላይ ተፈቶ ቁጭ ብሎ፣ አሮጌ ቤሪንግ እያገላበጠ የሚያይበት ጊዜ ያለው ሰው የለም። እኔ ደግሞ በመጪው ክረምት ያለኝ ነገር ጊዜ ነው።

ሐሳቤ ይኸውና። ከሐምሌ 1 ጀምሮ ለሁለት ወር፣ የምትቀይሩትን እያንዳንዱን ቤሪንግ ወደ በርሜሉ ከመግባቱ በፊት እኔ ልቀበለው። እቆርጠዋለሁ፣ አጥባለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ ለምን እንደተበላሸ ጽፌ ከሞተሩ የሥራ ካርድ ጋር አያይዛለሁ። በየሳምንቱ መጨረሻ ለቴክኒሻኖቹ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ አቀርባለሁ። የትኛው ሞተር፣ የትኛው ጎን፣ ምን ዓይነት ጉዳት፣ ምናልባት በምን ምክንያት። ከዚያ በላይ ወረቀት ላበዛባችሁ አልፈልግም።

ይህ ሥራ ለምን እንደሚጠቅማችሁ በዩኒቨርሲቲያችን ቤተ ሙከራ ካጋጠመኝ ነገር ብነሳ ይቀለኛል። እዚያ አንድ 1.5 ኪሎ ዋት ሞተር ፓምፕ ያዞራል። ቤሪንጉ ከተቀየረ ብዙም ሳይቆይ እንደገና መጮህ ጀመረ። የሴሚስተር ፕሮጀክቴ ስለነበር ሴንሰር ለጥፌ ንዝረቱን መዘገብኩ። ሞተሩ በደቂቃ 1440 ዙር ይዞራል፤ ይህ በሰከንድ 24 ዙር ማለት ነው። ቤሪንጉ 6205 ነው፣ ዘጠኝ ኳስ አለው። የውጭው ቀለበት ከተጎዳ ጉዳቱ በአንድ ዙር 3.58 ጊዜ ያህል መመታት ስላለበት፣ 86 ኸርዝ አካባቢ ምልክት መታየት አለበት። በተራው ስፔክትረም ላይ ምንም ጎልቶ አልታየኝም። የኤንቬሎፕ ትንተና ስሠራ ግን 86፣ 172 እና 258 ላይ ጥርት ብሎ ወጣ።

እስከዚህ ድረስ ማንኛውም ጥሩ የንዝረት መለኪያ መሣሪያ ይነግራችኋል። ለእኔ ትልቁ ነገር ቤሪንጉን ቆርጬ ስከፍተው ያየሁት ነው። የውጭው ቀለበት መሮጫ ላይ እኩል እኩል የተሰመሩ ግራጫ መስመሮች ነበሩ፣ ልክ እንደ ልብስ ማጠቢያ ቆርቆሮ። ይህ የድካም ጉዳት አይደለም። የግሪስ ማነስም ብቻውን እንዲህ አያደርግም። ኤሌክትሪክ በቤሪንጉ ውስጥ ሲያልፍ የሚተወው ምልክት ነው። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ሞተሩ በኢንቨርተር መነዳት የጀመረው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እንደሆነ ሲነግሩኝ ነገሩ ገጠመ። ኢንቨርተር በሻፍቱ ላይ ቮልቴጅ ይፈጥራል። ቮልቴጁ ወደ መሬት የሚወርድበት ሌላ መንገድ ካጣ በቤሪንጉ በኩል ይወርዳል። ያን ሞተር ስንት ጊዜ ምርጥ ቤሪንግ ብትገጥሙለት ተመልሶ ይመጣል። የሚያስፈልገው የሻፍት መሬት ማስያዣ ብሩሽ ወይም ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ቤሪንግ፣ ከዚያም የኬብሉንና የመሬቱን አያያዝ ማስተካከል ነው።

እናንተ ጋ ተመልሰው የሚመጡ ሞተሮች ይኖራሉ ብዬ እገምታለሁ። የጥገና ሥራ ባሕርይ ነው። ደንበኛ ደግሞ ሲመለስ «ሥራችሁ ነው ያልያዘው» ነው የሚለው፣ ጥፋቱ ከራሱ መሥመር ቢሆንም። ያን ጊዜ የተቆረጠውን ቤሪንግና ፎቶውን ማሳየት ከብዙ ክርክር ያድናል። ጥፋቱ የእናንተ ሆኖ ከተገኘም ቢሆን፣ ቀድማችሁ ብታውቁት ይሻላል ብዬ አስባለሁ።

ስም ሳወጣ ከራሴ አልፈጥርም። አይኤስኦ 15243 የሚባለው ደረጃ የቤሪንግ ጉዳትን በስድስት ዋና ዋና ክፍሎች ይመድባል፤ ድካም፣ መበላት፣ ዝገት፣ የኤሌክትሪክ ጉዳት፣ የቅርጽ መበላሸትና መሰበር። እሱን እከተላለሁ። ከምደባው ይልቅ የምወደው ግን መሮጫው ላይ ኳሶቹ የሄዱበትን ዱካ ማየት ነው። ሻፍቱ በደንብ ከተገጠመ የውስጡ ቀለበት ዙሪያውን እኩል ዱካ ይኖረዋል፤ የውጭው ደግሞ ጭነት ያረፈበት ጎን ላይ ብቻ። የውጭው ዱካ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ገደድ ብሎ ከሄደ አላይመንቱ ወይም የቤሪንግ መቀመጫው ይፈተሽ። በኳሶቹ ርቀት ልክ የተደረደሩ ጎድጎዳዎች ካሉ ሲገጠም በመዶሻ የተመታው የተሳሳተው ቀለበት ሊሆን ይችላል። ተመሳሳይ ጎድጎዳ በተጠባባቂ ፓምፕ ላይ ከተገኘ ግን ገጣሚውን ከመውቀሴ በፊት ሌላ ነገር እጠይቃለሁ። ቆሞ የሚኖር ፓምፕ አጠገቡ ባለው የሚሠራ ፓምፕ ንዝረት ብቻ ቤሪንጉ ሊበላ ይችላል። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ሁለቱን ፓምፖች በየተራ ማሠራት።

ለዚህ ሁሉ ከእናንተ የምፈልገው ጥቂት ነው። የጠረጴዛ ጥግ፣ ጥሩ መብራት፣ ግራይንደር የምጠቀምበት ቦታና ማጠቢያ ነጭ ጋዝ። አጉሊ መነጽር፣ መለኪያ ካሊፐርና የዓይን መከላከያ የራሴ አለኝ። ከቴክኒሻኖቹ የምጠይቀው አንድ ትንሽ ውለታ ብቻ ነው። ቤሪንጉን ከማውጣታቸው በፊት የውጭው ቀለበት ላይ ወደ ላይ የነበረውን ጎን በማርከር አንድ ጭረት ቢያደርጉልኝ። ያለዚያ ጭረት ጭነቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ አይቻልም፣ ግማሹ መረጃ ይጠፋል። ሞተሩ በኢንቨርተር ይነዳ እንደሆነና የትኛው ግሪስ እንደነበረበት ደግሞ እኔው እየጠየቅኩ እጽፋለሁ።

ስለ ራሴ ጥቂት ልጨምር። ሲቪዬ ተያይዟል፣ ውጤቴም እዚያው አለ፤ እሱን እዚህ አልደግመውም። ፓይተን እጽፋለሁ፣ የንዝረቱን ትንተና የሠራሁት በእሱ ነው። ዲያል ጌጅ ይዤ ካፕሊንግ አላይን አድርጌ አውቃለሁ፣ በሌዘር ግን ሠርቼ አላውቅም። ሞተር የመጠቅለል ሥራ አልችልም። ትልቅ ፓምፕ ብቻዬን ፍቺ ብትሉኝም አልፈታም፣ አጠገቤ የሚያውቅ ሰው ካለ እንጂ። ኤሌክትሪክ ያለበት ፓኔል አልነካም፤ ማሽን ሲፈታም መቆለፊያውና ምልክት ማድረጊያው ሳይደረግ እጄን አላስገባም። የታጠበ ቤሪንግ በኮምፕረሰር አየር እያሽከረከሩ ማድረቅም አይታሰብም። እንዲያ ሲያደርጉ ያየኋቸው ተማሪዎች ጨዋታ ይመስላቸዋል፤ ቤሪንጉ ግን ሊፈነዳና ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ስለ ክፍያ ግልጽ ልሁን። ዩኒቨርሲቲው ክፍያን ግዴታ አያደርግም፤ እኔም ለዚህ ሥራ ደመወዝ አልጠይቅም። የመመላለሻ ወጪዬን ብትችሉልኝ ደስ ይለኛል፣ ባይቻልም ጥያቄዬ እንዳለ ነው። ከዩኒቨርሲቲው የድጋፍ ደብዳቤ አመጣለሁ። በመጨረሻ አንድ የግምገማ ቅጽ እንድትሞሉልኝና በወር አንድ ጊዜ አማካሪዬ ደውለው ሲጠይቁ እንድታነጋግሯቸው ያስፈልጋል። ከእናንተ የሚጠበቀው የወረቀት ሥራ ይኸው ነው።

የደንበኞቻችሁን ስም በተመለከተም አንድ ነገር ላንሳ። የመመረቂያ ጽሑፌን ከዚህ ሥራ ተነስቼ ልጽፍ እችላለሁ፤ የእናንተ ፈቃድ ካለ ብቻ፣ የድርጅትም የደንበኛም ስም ሳይጠቀስ። ካልፈቀዳችሁ ሠንጠረዡም ፎቶዎቹም እናንተው ጋ ይቀራሉ፣ ለጽሑፌ ሌላ ርዕስ እፈልጋለሁ።

ሁለት ወር ረዘም ካለባችሁ በሁለት ሳምንት ሙከራ መጀመር ይቻላል። ከዚያም ቢቀንስ የሚሆን ነገር አለኝ። ከበርሜሉ እናንተ የመረጣችኋቸውን አምስት ቤሪንጎች ስጡኝና በቤተ ሙከራችን ቆርጬ፣ ያገኘሁትን ጽፌ ልመልስላችሁ። የድሮዎቹ የትኛው ከየትኛው ሞተር እንደወጣ ስለማይታወቅ ምክንያታቸውን ሙሉ በሙሉ መናገር አልችልም። የሥራዬን ዓይነት ለማየት ግን ይበቃል። ካልወደዳችሁት ነገሩ እዚያው ያበቃል።

አርብ ከሰዓት በኋላ ክፍል የለኝም። የሚመችዎ ከሆነ በሚቀጥለው አርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መጥቼ የቤተ ሙከራውን ቤሪንግና የመዘገብኩትን ንዝረት ላሳይዎ እችላለሁ፤ ከሃያ ደቂቃ በላይ አልወስድብዎትም። ሌላ ቀን ከተሻለዎ በስልክ ይንገሩኝ። ስልኬና ኢሜይሌ ሲቪዬ አናት ላይ አሉ። እስከ ሐሙስ መልስ ካላገኘሁ አንድ ጊዜ እደውላለሁ፤ ከዚያ በኋላ አላስቸግርም።

ከአክብሮት ጋር

ቤዛ አለሙ
የአራተኛ ዓመት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ

አባሪ፦ ሲቪ፤ የተቆረጠው ቤሪንግ ሁለት ፎቶዎች ከንዝረት ግራፉ ጋር፤ የሳምንታዊ ሠንጠረዡ ናሙና