«ክኒኑን ማቆም አለብኝ?» ላልሽኝ እህቴ

ሰላም እህቴ። ሰላም ለሁላችሁም። ከየካ አባዶ ነው የማናግራችሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ ድምፄ ካልተሰማችሁ ይቅርታ፤ እስኪያባራ ልጠብቅ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ግን አያስጠብቅም።

በቪዲዮ መልሺልኝ ስላልሽኝ ነው እንጂ በውስጥ መስመር የጻፍሽውን አላወጣም ነበር። ስምሽንም ሰፈርሽንም አልናገርም።

የሚጥል በሽታ አለብሽ። ጸበል ከጀመርሽ ሁለት ወርሽ ነው። አብራሽ የምትጠመቅ ሴት «ክኒን እየዋጡ ጸበል እግዜርን መፈታተን ነው» አለችሽ። ክኒኑን ካቆምሽ ዛሬ አራተኛ ቀንሽ። «እምነቴ ጎዶሎ ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

በመጀመሪያ አስቸኳዩን ልናገር። አሁኑኑ ለሐኪምሽ ደውይ። ካልተነሳ ነገን ሳትጠብቂ ሰው አስከትለሽ ወደ ሆስፒታል ሂጂ። ይህ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ በርትቶ ይመለሳል፤ አንዳንዴ ሳያባራ ይጥላል፣ ሕይወትም ያሳጣል። ያለፈሽን ለማካካስ ብለሽም ደርበሽ አትዋጪ። እንዴት እንደምትቀጥይ እነሱ ይንገሩሽ። ቤት ያሉትም ይስሙኝ፦ ጥሏት ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ ቶሎ ሐኪም ቤት አድርሷት።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ካህንም አይደለሁም፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ነው የማስተምረው። ጾምሽን፣ ንስሐሽን፣ የጸበል ሱባኤሽን በተመለከተ የሚወስነው የንስሐ አባትሽ ነው። ሕመምሽን ሳትደብቂ ንገሪያቸው። በባዶ ሆድ የምትጠጪው ጸበል ከክኒኑ ሰዓት ጋር ከተጋጨብሽ እሳቸውንም ሐኪምሽንም ጠይቂ።

የተማርኩትን ግን ላካፍልሽ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እሱ ነው ይላል። ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር። ኤችአይቪ ያለባቸው ምእመናን ጸበል ብለው መድኃኒት ሲተዉ ደግሞ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሁለቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በአደባባይ መክረዋል። የአንቺ ሕመም ሌላ ነው፤ ጥያቄው ግን ያው ነው።

ስለ እምነትሽ ፍረጂ አትበይኝ። የሰው ልብ አላይም። ሁለት ወር ሙሉ ጎሕ ሳይቀድ ተነስተሽ፣ በዚህ ብርድ ስትጠመቂ እንደቆየሽ ነው የነገርሽኝ። ይህን ካደረገች ሴት እኔ እምነት ነው የሚታየኝ፤ ፍርሃትና ድካምም ይታየኛል። ያቺን ሴትም አትቀየሚያት፣ ለአንቺ ብላ ይሆናል። ምክሯ ግን ትክክል አይደለም።

ጸበሉ ጋ ስትመለሺ ብቻሽን አትግቢ። አጠገብሽ የሚቆም ሰው ይኑር።

አሁን ስልክሽን አንሺና ደውይ። ሐኪም ቤት ስትደርሺ «ደረስኩ» ብለሽ ጻፊልኝ። እጠብቅሻለሁ።