የደረሰኝ ቁጥር 0417 ሂሳብ፣ መስመር በመስመር

ጋሽ መኮንን፣ እንደምን ዋሉ? ትናንት ማታ የላኩልኝን የደብተር ፎቶ ዛሬ ጠዋት ከደረሰኙና ከመረከቢያ ወረቀቶቹ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ አየሁት። እኛ 316,254.60 ብር ብለናል፣ የእርስዎ ድምር 295,803 ነው። ከቫት በፊት ያለው ልዩነት 17,784 ብር ነው። ግማሹ አካባቢ በአንድ በኩል፣ ግማሹ በሌላ በኩል ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር ግን እንደዛ አልሆነም። እኛ ሦስት ቦታ ተሳስተናል፣ የቀረው ግን ትክክል ነው።

ብሎኬት። ባለ 20 ሴንቲ 1,200 ፍሬ በ48 ብር፣ 57,600 ብለናል። እርስዎ ቆጥረው ያገኙት 1,140 ነው። ጥበቃዎ መስከረም 20 በፈረመው ወረቀት ላይ 600፣ መስከረም 23 ላይ ደግሞ 570 ይላል፣ ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ «30 የተሰበረ» ተብሎ ተጽፏል። ይሄ ወደ ቢሮ ሲመጣ ጎኑን ያነበበው የለም፣ እኔም አላነበብኩም። በመንገድ የተሰበረ በኛ ነው፣ 1,440 ብር ይቀነሳል። የቀሩት 30 ብሎኬቶች ግን ሳይቱ ላይ አሉ። ሹፌራችን ሲያራግፍ ባነሳው ፎቶ ላይ የውሃ በርሜሉ ሥር ተደርድረው ይታያሉ፣ ግንበኛው ናቸው ያነሷቸው። ከክምሩ ውጪ ስለሆኑ ሲቆጥሩ አላገኟቸውም።

ፌሮ። ትልቁ ልዩነት እዚህ ነው፣ 5,904 ብር። እርስዎ ባለ 12ቱን አንዱን ቤርጋ 10 ኪሎ አድርገው፣ 60 ቤርጋ 600 ኪሎ በ150 ብር፣ 90,000 ብለዋል። ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚያሰላው፣ ለአፍም ይቀላል። ግን ባለ 12 ፌሮ በሜትር 0.888 ኪሎ ይመዝናል፣ ቤርጋው 12 ሜትር ነው፣ ስለዚህ አንዱ 10.656 ኪሎ ይመጣል። በ60 ሲባዛ 639.36 ኪሎ፣ በ150 ብር 95,904። ይሄን ልቀንስልዎ አልችልም። ጥርጣሬ ካለዎት ግን ማንኛውንም አንድ ቤርጋ መርጠው በፈለጉበት ሚዛን ያስመዝኑት፣ ከዚህ በግልጽ ቀሎ ከተገኘ ቁጭ ብለን እንደገና እናሰላለን።

ሲሚንቶ ላይ እርስዎ ልክ ነዎት። ማክሰኞ በቴሌግራም 1,850 ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ መልእክቱ አሁንም አለ። ሐሙስ አዲስ ዋጋ መጣና ልጁ ሲስተም ላይ 1,900 አድርጎ መታው። በተነገረዎት ዋጋ ነው የምናስበው፣ 40 ኩንታል ላይ 2,000 ብር ይቀነሳል።

አሸዋው 34,000፣ ተስማምተናል።

መኪና። እርስዎ አንድ ጉዞ 4,500 ይዘዋል፣ እኛ ሁለት፣ 9,000። ብሎኬቱና ሲሚንቶው በአንድ አይሱዙ አይገባም፣ ቢገባም ከአስፋልቱ ወደ ኮዬ ሳይትዎ የሚያስገባው ጭቃ አያሳልፈውም፣ ያን ሰሞን እርስዎም አይተውታል። ሁለቱም ጉዞዎች ከቱሉ ዲምቱ የወጡበት ቀን ወረቀቱ ላይ አለ። ይህኛው እንዳለ ይቆያል። በቀጣይ ግን ሳንጭን በፊት የጉዞውን ብዛት ደውዬ እነግርዎታለሁ፣ አለመንገሬ የኔ ጥፋት ነው።

ማውረጃ 2,500 ደግሞ ጭራሽ መኖር አልነበረበትም። የሰፈሩን አውራጆች እዛው በእጅዎ ከፍለዋል፣ ሹፌሩም አረጋግጦልኛል። ይወጣል።

እንግዲህ 1,440፣ 2,000 እና 2,500 ሲደመር 5,940 ነው። ከ275,004 ሲቀነስ 269,064፣ 15 በመቶ ቫት 40,359.60፣ ጠቅላላ 309,423.60 ብር። ከመጀመሪያው ሂሳብ 6,831 ብር ወረደ ማለት ነው። ቅድሚያ የሰጡን 200,000 ሲነሳ ቀሪዎ 109,423.60 ይሆናል።

ደረሰኙ ከማሽን ስለወጣ እላዩ ላይ ሰርዤ ልጽፍበት አልችልም፣ በ6,831 ብሩ ክሬዲት ኖት ቆርጬ ቅዳሜ ጠዋት ከሹፌሩ ጋር እልካለሁ። የሁለቱን መረከቢያ ወረቀቶችና የበርሜሉን ፎቶ ደግሞ ከዚህ በታች አያይዣለሁ፣ ትንሽ ደብዝዟል ግን ብሎኬቶቹ ይቆጠራሉ።

ፌሮው ወይም መኪናው ላይ አሁንም ካልተስማሙ ይደውሉልኝ፣ ወይ ሱቅ ብቅ ይበሉ፣ ደብተርዎን ይዘው። እስከዛ ያልተስማማንበትን ትተው ሌላውን ቢከፍሉም ቅር አይለኝም።

ሄለን፣ ከሂሳብ ክፍል