ጋሼ፣ ቤቱ ሌሊትም አልበርድ ብሏል

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ሰነበቱ? ባለፈው ስለ ሙቀቱ ስደውልልዎ «ወቅቱ እኮ ነው፣ አንድ ፋን ግዛበት» ብለውኝ ነበር። ገዛሁ። ለውጥ የለም። በስልክ ነገሩ ስለሚያጥር ነው የምጽፍልዎ።

ሳሎን ውስጥ ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ላይ ቴርሞሜትር ሰቅዬ 9 ቀን መዘገብኩ። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከ38 ዲግሪ በታች የሆነበት ቀን የለም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ደግሞ ውጭው 27 ሆኖ ቤት ውስጥ 36 ነው። ንጋት ላይ እንኳ ከ35 አልወረደም። መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥኩት ሻማ ሳይበራ ጎብጧል።

ምክንያቱ ከራሳችን ጣሪያ ነው። የመጨረሻው ፎቅ ላይ ስለሆንን ኮንክሪቱ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊቱን ሙሉ ወደ እኛ ይመልሰዋል፤ በእኩለ ሌሊት ግድግዳውን ቢነኩት ትኩሳት እንደያዘው ሰው ግንባር ይፋጃል። የመኝታ ቤቱ ሁለት መስኮቶች ደግሞ አይከፈቱም። አንዱ በቀለም ከፍሬሙ ጋር ተጣብቋል፣ የሌላው እጀታ ተሰብሯል፤ ይህንን የገባሁ ዕለት ነግሬዎታለሁ። ስለዚህ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ቢመጣም መግቢያ የለውም። ፋኑም ቢሆን አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ አያቀዘቅዝም። አየሩ ከገላችን በላይ ሲሞቅ የሚነፋብን ያንኑ ትኩስ አየር ነው።

እኔ ወጣት ነኝ፣ እችለዋለሁ። እናቴ ግን 71 ዓመቷ ነው፣ የደም ግፊት አለባት። መድኃኒቷ ላይ «ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ» ተብሎ ተጽፏል፣ እኛ ቤት እንዲህ ያለ ቦታ የለም፣ ጎረቤት ነው ያስቀመጥነው። ሐሙስ ሌሊት ስነቃ አልጋዋ ላይ አጣኋት። ደረጃው ላይ ትራሷን ይዛ፣ አንገቷ ላይ እርጥብ ፎጣ አድርጋ ተቀምጣ አገኘኋት። «እዚህ ይሻላል ልጄ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

የምጠይቅዎ ብዙ አይደለም። መጀመሪያ ሁለቱ መስኮቶች ይከፈቱ፣ ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ከዚህ ሳምንት ባያልፍ ደስ ይለኛል። ቀጥሎ ጣሪያው ፀሐይ የሚመልስ ነጭ ቀለም ይቀባ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚገባበት የሳሎኑ መስኮት ላይም ከውጭ በኩል ጥላ ይሠራለት፤ መጋረጃ አለን፣ ግን ፀሐዩ መስታወቱን አልፎ ከገባ በኋላ መጋረጃ ብዙም አያድንም። ቀለሙን ከገዙልኝ ቀቢ አያስፈልግም፣ እኔና ወንድሜ እንቀባዋለን።

ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቢመጡና አንድ ሰዓት ብቻ ሳሎን ውስጥ አብረውን ቢቀመጡ እወዳለሁ። ጠዋት አይምጡ፣ ጠዋት አይታይም። በሁለት ሳምንት ውስጥ መስኮቶቹ ካልተሠሩ ግን እናቴን እዚህ ማቆየት አልችልም። ያኔ ውላችንን አቋርጬ እንድወጣና ያስያዝኩት ገንዘብ ሙሉውን እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ኪራይ አሳልፌብዎ አላውቅም፣ ቤቱንም እወደዋለሁ፣ መውጣት አልፈልግም።

የ9 ቀኑን መዝገብ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ቅዳሜ እጠብቅዎታለሁ።

አክባሪዎ፣ የላይኛው ፎቅ ተከራይ