ጉዳዩ፦ መዝገብ ላይ ስለሌለው የአራት ዓመት የጡረታ መዋጮዬና ስለዘገየው አበሌ

ጤና ይስጥልኝ፣

ባህር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ከመስከረም 2004 እስከ ታኅሣሥ 2017 ሠርቻለሁ። የወጣሁት 60 ዓመት ሞልቶኝ ነው። የጡረታ ፎርሙን የሞላሁት ገና ሥራ ላይ እያለሁ ነበር። ይኸው ሰኔ ገባ፣ የአንድም ወር አበል እጄ አልገባም።

መስኮት ላይ ስጠይቅ የሚነገረኝ «ሲስተሙ ላይ ያለው አገልግሎትዎ 9 ዓመት ከ4 ወር ነው፣ 10 ዓመት ስላልሞላ ወርኃዊ አበል የለዎትም፣ የአንድ ጊዜ ክፍያ ብቻ ይወስዳሉ» የሚል ነው። ይሄን አልቀበልም። የሠራሁት 13 ዓመት ከ4 ወር ነው። የጎደለው ከመስከረም 2008 እስከ 2011 መጨረሻ ያለው ነው፣ ሆቴሉ ባለቤት የቀየረው ደግሞ ልክ 2008 ሲገባ ነው። እኔ ግን አልተቀየርኩም፣ እዚያው ማሽን ላይ ነበርኩ፣ ከደመወዜም በየወሩ 7 በመቶ ይቆረጥ ነበር። የደመወዝ ወረቀቶቹን አያይዣለሁ። የላውንደሪ እንፋሎት የአንዳንዶቹን ጠርዝ ቢበላውም የጡረታው መስመር በደንብ ይነበባል።

እንድታጣሩልኝ የምፈልገው ይሄ ነው። ብሩ በአሮጌው ወይም በአዲሱ ባለቤት የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ገብቶ ከእኔ ስም ጋር ሳይገናኝ ቀርቶ ይሆን? ስሜም አንዱ ወረቀት ላይ «ዘውዲቱ»፣ ሌላው ላይ «ዘዉዲቱ» ተብሎ ተጽፏል፣ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው አድርጎን ከሆነም እሱን እዩልኝ። ከገቢዎች ጋር አመሳክሩና በየወሩ የገባውን ዝርዝር አትማችሁ ስጡኝ።

ጭራሽ አልገባም ከተባለ ደግሞ አሠሪው የእኔን 7 በመቶ ቆርጦ፣ የራሱን 11 በመቶም ሳይጨምር በልቶታል ማለት ነው። እሱን ማስከፈል የእናንተ ሥራ እንጂ የእኔ አይመስለኝም። ጡረታ የወጣ ሰው ከድርጅት ጋር ተካሶ የት ይደርሳል? «ከሆቴሉ ደብዳቤ አምጪ» ተብዬ አመጣሁ፣ የሥራ ልምዱም ማኅተም አለው፣ ከዚያ ወዲያ ግን ፋይሌ «ውሳኔ ላይ ነው» ከመባል አላለፈም። ውሳኔውን የያዘው የትኛው ክፍል እንደሆነ እንኳ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

የአንድ ጊዜ ክፍያውን አልፈርምም፣ ከወሰድኩት በኋላ ጉዳዩ ተዘጋ እንዳትሉኝ። የጎደለው ሲስተካከል አበሌ ከጥር 2017 ጀምሮ ያለው ውዝፍ ተደምሮ ይከፈለኝ። የማትስማሙ ከሆነም ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ፣ ይግባኝ የምለው በቃል በተነገረኝ ነገር አይደለምና።

ሙሉ ስሜ፣ የጡረታ መለያ ቁጥሬና ስልኬ በተያያዘው ፎርም ላይ አለ። ስልክ ባላነሳ ልጄ ታነሳለች፣ ለእሷ ብትነግሯት ይበቃል።

ዘውዲቱ
ሽምብጥ፣ ባህር ዳር